ሥጋ ለምን እንደተውኩ ለአክስቴ የጻፍኩት ደብዳቤ፤ ከመላኬ በፊት እዩልኝ

የከብት ሐኪሟ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሥጋ መብላት ከተውኩ ዓመት አልፎኛል። ያሳደጉኝ አክስቴ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ወሬውን የሰሙት ለሠርግ መጥቶ ከነበረ የአጎቴ ልጅ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ደም አነሰሽ ወይ? ማን ነው ይኼን ያስተማረሽ?» ይሉኛል። በስልክ ስንነጋገር የሁለታችንም ድምፅ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለ። ስለ ምግቡ የጻፍኩትን በተለይ የምታውቁ ሰዎች እዩልኝ። አክስቴ እንጀራ እየሸጡ፣ ጠላ እየጠመቁ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ስለ እህል የማያውቁት ነገር የለም፣ በደፈናው «ጤናማ ነው» ብላቸው አያምኑኝም።

*ይድረስ ለምወድዎ አክስቴ፣*

*ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም።*

*ሥጋ ለምን እንደተውኩ ጠይቀውኛል። ማንም አላስተማረኝም። ሥራዬን ያውቁታል፤ ቄራ ውስጥ ሥጋ እመረምራለሁ። ከታረደ በኋላ የመንጋጋውን ጡንቻና ልቡን ሰንጥቄ የኮሶ ትል እጭ የያዘ ፍሬ እንዳለ አያለሁ፣ ጉበቱን እዳብሳለሁ፣ ንጹሕ ከሆነ ማኅተም እመታበታለሁ። ያ ሥራ አላስጠላኝም። ደምም አያስፈራኝም፤ እርስዎ ዶሮ ሲያርዱ እግሯን ይዤ ነው ያደግኩት። የከበደኝ ከመታረዱ በፊት ያለው ነው። በሬዎቹ ከሩቅ አገር በጭነት መኪና ተጣብቀው ቆመው ይመጣሉ፣ ሁለት ቀን ውኃ ያልቀመሱ አሉ። መንገድ ላይ የወደቀውን ሌሎቹ ይረግጡታል። ሲያወርዱት መነሣት ካቃተው ጅራቱን ይጠመዝዙታል፣ ዓይኑ ላይ ይጨምቁበታል። አንድ ቀን የኋላ እግሩ የተሰበረ ሰንጋ በገመድ እስከ ማረጃው ሲጎተት ቆሜ አየሁ። ሥጋው ግን ሲመረመር ንጹሕ ነበር፣ ማኅተሙን መታሁበት። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ሲቀርብልኝ ማኅተሙን ሳይሆን እግሩን ነው የማስበው። መብላት አልቻልኩም፣ አሁንም አልችልም። የሚበላውን ሰው አልኮንንም። ለበዓል ወጡን ሠርተው ለቤተሰቡ ሲያቀርቡ አብሬዎት እቀመጣለሁ።*

*«ታዲያ ምን ትበያለሽ?» ላሉት፣ አብዛኛውን ከእርስዎ ማጀት ነው የተማርኩት። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሱፍ። ሰውነት ሥጋ ላይ የሚፈልገውን የሚገነባ ነገር ከምስርና ከጤፍ ያገኘዋል። የእኔ ክብደት 55 ኪሎ ነው፣ በቀን 44 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃኛል። ሁለት መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት የወጣለት እንጀራ ብቻውን ከ20 ግራም በላይ ይሰጠኛል። መቶ ግራም ጥሬ ምስር ደግሞ 24 ግራም ያህል አለው። ሁለቱን በአንድ ቀን ከበላሁ ሞላ ማለት ነው። በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት እጨምራለሁ፣ አልተውኳቸውም።*

*ከእርስዎ ድስት የማላገኘው አንድ ነገር አለ፤ ቪታሚን ቢ12 ይባላል። ከእህልና ከቅጠል አይገኝም። ለእሱ ኪኒን እወስዳለሁ። ስለ ደም ማነስ ደግሞ ከምስሩ ጋር ጥሬ ቃሪያና ሎሚ አዘወትራለሁ።*

*ስመጣ ሽሮዎን በንጥር ቅቤ ይሥሩልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።*

እርሾ ከነገሥታት

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ልብ ይነካል። ስለ ቢ12 ያልሽውን ግን ብታወጪው ይሻላል። እኛ ኢትዮጵያውያን እንጀራችን ሦስት ቀን ይቦካል። እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ቢ12 ደግሞ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። አያቶቻችን ኪኒን ሳይውጡ ሁዳዴን ጾመው ሲያርሱ ኖረዋል። አክስትሽ «እህል አይበቃም» የሚል ሲያነቡ ሌላ ክርክር ይጀምራሉ።

ሰንጋ ነጋዴ

እኔ ከቦረና ከብት የማስመጣ ነኝ። ያየሽው እውነት ነው፣ አልክድሽም። መኪናው ላይ ጭንቅንቅ አለ፣ የሚጠማም የሚወድቅም አለ። ግን ሁሉም እንዲያ አይደለም። በየመሐሉ የሚያወርድና የሚያጠጣ ነጋዴ አለ። የወደቀ በሬ ክብደቱም ዋጋውም ይወድቃልና ኪሳራው የኛው ነው። አክስትሽ ጓሮ ያደገ በግ ቢታረድ ግን ያ ሁሉ የለም። ለምን ያንን አትበዪም? ምክንያትሽ ጉዞው ከሆነ መልሱም ጉዞው ላይ ነው እላለሁ።

የከብት ሐኪሟ

@ሰንጋ ነጋዴ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ አክስቴም የሚሉኝ ይህንኑ ነው። የጓሮውን በግ እንደ መኪናው በሬ አላየውም። ግን አንዴ ከተውኩት በኋላ የጓሮው ሥጋም አልወረደልኝም። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታረድ በግ ለምግቤ ለውጥ ስለማያመጣ ራሴን ማስገደድ አልፈለግኩም።

ነርስ ዘ-ላብ

የሥነ ምግብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፣ ከዚያ በፊት ላብራቶሪ ነበርኩ። በመጀመሪያ ስለ እርሾው።

@እርሾ ከነገሥታት፦ ቢ12 በባክቴሪያ መሠራቱ ልክ ነው። ግን ሁሉም ባክቴሪያ አይሠራውም። የእንጀራ ሊጥ የሚያቦኩት እርሾና የኮምጣጣ ባክቴሪያዎች ሰውን የሚያኖር መጠን አይሰጡም፣ የተገኘውም ቢሆን በየቤቱ ሊጥ ይለያያል። መቦካቱ ግን ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። ጤፍ ውስጥ ብረትና ዚንክን አንቆ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንሰው፣ በደንብ የቦካ እንጀራ ብረቱን ይለቃል። አያቶቻችን ደግሞ በፍስክ ቀን ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋ ይበሉ ነበር። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች ጾሙን በዚያ ያልፉታል። ሥጋ የተወ ሰው ግን ከጾም በኋላ የሚሞላበት ነገር አነሰው።

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ላይ አንድ ነገር ብትጨምሪ ይሻላል የምለው እዚህ ላይ ነው። «በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት እጨምራለሁ» ብለሻል። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን ከጾምሽ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን እንቁላልም ወተትም አትቀምሺም። በፍስክ ቀንም ቢሆን አንድ እንቁላል ግማሽ ማይክሮ ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ከአንድ ማይክሮ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ይሰጥሻል። የምትፈልጊው በቀን 2.4 ነው። ስለዚህ ኪኒኑ ለጾም ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ነው መሆን ያለበት።

ስለ ኪኒኑ ደግሞ። እዚህ ፋርማሲ ሄደሽ «ቢ12» ብትዪ ብዙ ጊዜ የሚሰጡሽ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ ያለውን ነው። ማሸጊያው ላይ የቢ6ን መጠን አንብቢ። 200 ሚሊ ግራም የሆነ አለ። እሱ ነርቭ ለታመመ ሰው በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ነው። በየቀኑ ለዓመት ከዋጥሽው ራሱ ቢ6 ጣትና እግር ያደነዝዛል። ያኔ ቢ12 ያነሰ መስሎሽ ሌላ ኪኒን ትጨምሪያለሽ። ቢ12 ብቻውን ያለበትን ፈልጊ። በቀን ከ25 እስከ 100 ማይክሮ ግራም፣ ወይም በሳምንት ሁለት ጊዜ 1000 ማይክሮ ግራም ይበቃል። ከትልቁ መጠን ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ አያስደንግጥሽ።

ልጅ ዳኜ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከደብዳቤው ይወጣል። አባቴ ሥጋ ይበላል፣ ያውም ጥሬ። ስኳር አለበት፣ ብዙ ዓመት ሜትፎርሚን እየወሰደ ነው። እግሩ ይደነዝዘዋል፣ ሌሊት መርፌ እንደሚወጋው ይላል። ሐኪሙ «የስኳሩ ነው» ብሎታል። አሁን ይህን ሳነብ ቢ12 ይሆን ብዬ ፈራሁ። ከዚያው ኪኒን ልግዛለት?

ነርስ ዘ-ላብ

@ልጅ ዳኜ፦ ከደብዳቤው ብዙም አልወጣህም። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ሥጋ የሚበላ ሰውም ሊያንሰው ይችላል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉትም እንዲሁ። ስኳሩም እግር ያደነዝዛልና ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አይለዩም። ሳይመረመር ኪኒኑን አትጀምርለት። ኪኒኑ አይጎዳውም፣ ግን ከጀመረ በኋላ የደም ውጤቱ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ምክንያቱን ማወቅ ይቸግራል። ቀጠሮው ላይ ቢ12 እንዲታዘዝለት ጠይቅ። ደግሞ ሜትፎርሚኑን ራሱ እንዳያቆም።

ዲያቆን ከሰላሌ

ስለ ሥርዓቱ አንድ ቃል። አክስትሽ የሚፈሩት ጤናሽን ብቻ አይመስለኝም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በእነዚያ ቀናት ሥጋ አልበላም ስትዪ ለእሳቸው በበዓለ ሃምሳ የጾምሽ ይመስላቸዋል። ያ ለአማኝ ከባድ ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ምግብን ስለሚከለክሉ ሰዎች ተናግሯል። አንቺ ግን ሥጋን ርኩስ አላልሽም፣ እንቁላልና ወተትም ትበያለሽ፣ ስለዚህ ጾም አይደለም። ይህን በግልጽ ጻፊላቸው። «በበዓለ ሃምሳ አልጾምም፤ እንቁላሉን ከዶሮ ወጡ አውጥተው ይስጡኝ» ብትዪ ግማሹ ጭንቀታቸው ይወርዳል።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ መድኃኒት በጾም አይከለከልም። ግን ካፕሱል ከሆነ ሽፋኑ ከከብት ወይም ከአሳማ አጥንትና ቆዳ የሚሠራ ጄላቲን ሊሆን ይችላል። ለጾሙም ለአንቺ ውሳኔም ስለማይመች ደረቁን ኪኒን ምረጪ። የቀረውን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ።

እሙዬ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኛ ጋ ሜሪላንድ ቢ12 የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት በየሱቁ አለ፣ ኪኒኑም ርካሽ ነው። የሚመጣ ሰው ሲኖር ልልክልሽ እችላለሁ። እኔም አራተኛ ዓመቴ ነው ሥጋ ከተውኩ፣ እናቴ እስካሁን አልተቀበለችውም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ በአማርኛ «ሥጋ አልበላም» ስል ዓሣና ዶሮ የሚያቀርቡልኝ ለምንድን ነው? አንቺስ ዓሣ ትበያለሽ? ከበላሽ እኮ ቢ12ን ከዓሣ ታገኚዋለሽ።

የከብት ሐኪሟ

@እሙዬ፦ ዓሣ አልበላም። ስለ ኪኒኑ አመሰግናለሁ፣ እዚህ ካጣሁ እጽፍልሻለሁ።

@ነርስ ዘ-ላብ፦ የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ትናንት ተመርምሬ ውጤቱን ዛሬ አመጣሁ። ሄሞግሎቢን 12.7፣ ፌሪቲን 13፣ ቢ12 ደግሞ 310። ወረቀቱ ላይ ሄሞግሎቢኑ ከ12 በላይ ስለሆነ «ኖርማል» ይላል። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ድካም የለብኝም፣ ደረጃ ስወጣ ብቻ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል። ከምሳ በኋላ ቡና አለኝ፣ መሥሪያ ቤት ሦስቱም ይፈላል። ይህን ያየ ሰው ምን ይላል?

ነርስ ዘ-ላብ

አንድ በአንድ እንየው።

ቢ12፣ 310 ላይ ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ከ200 በታች ነው አነሰ የሚሉት፣ አንቺ ከዚያ በላይ ነሽ። ዓመት ብቻ ስለሆነሽ የጉበት ክምችትሽም፣ የምትወስጂው ኪኒንም እየሠሩልሽ ነው። ኪኒኑን ሳታቋርጪ ቀጥዪ። ቢ12 ሲያንስ ሁልጊዜ በደም ማነስ እንደማይጀምር ግን እወቂ። ቅጠልና ምስር የሚያበዛ ሰው ፎሌት ስለሚያገኝ ደሙ ጥሩ ይመስላል፣ ነርቩ ግን ይጎዳል። የመዳፍና የውስጥ እግር መደንዘዝ፣ የምላስ መቅላትና መላጥ፣ በጨለማ ስትራመጂ መንገዳገድ ካየሽ ሄሞግሎቢን ጥሩ ነው ብለሽ አትቀመጪ።

ፌሪቲን 13 ግን ዝቅተኛ ነው። ፌሪቲን ማለት የብረት ጎተራሽ ነው፤ ከ15 በታች ሲሆን ጎተራው ባዶ ነው ይባላል። ሄሞግሎቢኑም «ኖርማል» የተባለው የ12 መለኪያ ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ስለሆነ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ደም ይሠራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ ሰው መለኪያው ወደ 1 ግራም ገደማ ከፍ ይላል፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ደግሞ ከዚያም በላይ። 12.7 ባሕር ጠለል አጠገብ ላለች ሴት ጥሩ ነው፤ ለአዲስ አበባ ግን መነሻው ላይ ያለ ደም ማነስ ነው። ደረጃ ላይ የሚያጥርሽ ትንፋሽ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ሥጋ ስለተውሽ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ሥጋ የሚበሉ ብዙ ሴቶች በዚህ ቁጥር ይመጣሉ። የወር አበባ ደም ብዛት፣ የአንጀት ትል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ሁሉም ብረት ያስወጣሉ ወይም እንዳይገባ ያግዳሉ። ሐኪሙ ሰገራና ጨጓራውን ይይልሽ። የብረት ኪኒን ያዝልሽ ይሆናል። ከሦስት ወር በኋላ ፌሪቲኑ ተመልሶ ይታይ። ጉንፋን ወይም ቁስል ባለበት ጊዜ ግን አትመርመሪ፣ ያኔ ፌሪቲን ከፍ ብሎ ያታልላል።

አሁን ወደ ቡናው። ከእህል የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋው ብረት ጠንካራ አይደለም፣ በቀላሉ ይታሰራል። ከምሳ ጋር የተጠጣ ሻይ ከብረቱ ከግማሽ በላይ ያስቀራል፣ ቡናም ወደ 40 በመቶ ያህል። ያስገረመኝ ነገር፣ ቡና ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ቢጠጣ ብረቱን አይነካም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣ ግን ከምግብ ጋር እንደተጠጣ ያህል ያግዳል። ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ምሳሽ ሰባት ሰዓት ከሆነ ቡናውን ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ወይም ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ጠጪ። ሦስቱንም ከጠጣሽ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ያንን ደግሞ አስቢበት።

ቃሪያሽ ጥሩ ነው፣ ግን ጥሬውን ብዪው። ወጡ ውስጥ ብዙ ከተቀቀለ የሚረዳሽ ቪታሚን ሲ ይጠፋል። በሽንኩርትና በቲማቲም የተሞላ የቃሪያ ስንግ ከምስር ወጥ ጋር በአንድ ጉርሻ የገባ እንደሆነ ብረቱን ይፈታልሻል። ሎሚውንም ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ጨምቂበት።

ሰንጋ ነጋዴ

ይኸው እንግዲህ፣ አክስትሽ «ደም አነሰሽ ወይ» ያሉት ትክክል ነበር። ለሦስት ወር ብቻ ጉበት ብዪ፣ ከዚያ ተመለሺ። እኔ የምለው ለንግዴ ብዬ አይደለም። ሚስቴ ከወሊድ በኋላ የዳነችው በጉበት ነው።

ማሬ ከወሎ

ደብዳቤውን ሳነብ ሽሮ በየቀኑ ስትዪ አንድ ነገር ታወሰኝ። ሽሮው ከምን እንደተፈጨ ጠይቂ። በእኛ አካባቢ ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ይቀላቀላል፣ ሰሜን ሸዋም ይዘራል። አልፎ አልፎ ቢበላ ምንም የለውም። ግን ለወራት ዋናው ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ ያ ሽባነት ደግሞ አይመለስም። ድርቅ ባለባቸው ዓመታት በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ጎረምሳ ልጅ ዱላ ይዞ በጣቱ ጫፍ ሲራመድ። አንቺ እንቁላልም ጤፍም ስለምትበዪ ያን ያህል አያሰጋሽም፣ አክስትሽ ሽሮ ሲልኩልሽ ግን «ጓያ የሌለበት» በያቸው። ምናልባትም እሳቸው ከአንቺ ይልቅ ያውቁታል።

ነርስ ዘ-ላብ

@ማሬ፦ ልክ ነሽ። ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር ነው።

@ሰንጋ ነጋዴ፦ ጉበት ብረት አለው፣ አልክድም፤ ብረቱም ቶሎ ይገባል። ለሚበላ ሰው እኔም እመክረዋለሁ፤ እርጉዝ ለሆነች ሴት ግን ቪታሚን ኤው ስለሚበዛ በብዛት አልመክርም። እሷ ግን አልበላም ካለች በኪኒኑና በቡናው ሰዓት መመለስ ትችላለች። ምን ያህል እንደሚፈጅ የሚለየው ምርመራው ነው። ሁለታችንም በሦስት ወር እናየዋለን።

የአራት ልጆች እናት

ስለ ቪታሚኑ አላውቅም፣ ስለ አክስት ግን አውቃለሁ። ደብዳቤሽ ላይ የበሬው ነገር በጣም ረዝሟል። እሳቸው ሲያነቡት «ልጄ እዚያ ቦታ እየተሠቃየች ነው» ብለው ያለቅሳሉ እንጂ ሥጋውን አያስቡም። ከቁጥሩ ውስጥ 55 ኪሎ የሚለውንም አውጪው፤ «ከስታለች» ይላሉ። በእሱ ፋንታ እንጀራሽን ማን እንደሚጋግርልሽ፣ ምስሩን ከየት እንደምትገዢ ንገሪያቸው። የምርመራውን ውጤት ግን እንዳትጽፊ። አንዴ «አነሰ» የሚል ቃል ካዩ በቃ ነው።

ዲያቆን ከሰላሌ

እኔ በውጤቱ ነገር አልስማማም። የአጎትሽ ልጅ አንድ ጊዜ አውርቶታል። ይህንንም ከሌላ ሰው ከሰሙ ሁለተኛ አያምኑሽም። ጻፊላቸው።

ልጅ ዳኜ

አባቴን ዛሬ ወሰድኩት። ሐኪሙ ቢ12 አዘዘለት፣ ደሙ ተወሰደ። ውጤቱ ሐሙስ ነው። «የሥጋ ቤት ደንበኛ ነኝ፣ የምን ቢ12 ነው» ሲል ሐኪሙም ነርሷም ስለ ሜትፎርሚኑ አስረዱት።

የከብት ሐኪሟ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የበሬውን ታሪክ አላሳጠርኩትም። ምክንያቴ እሱ ነውና ከቀነስኩት ለምን እንደተውኩ አይገባቸውም። 55 ኪሎውን አውጥቼዋለሁ። ውጤቱን ለመጻፍ ወስኜ መጨረሻው ላይ ይህን ጨመርኩ፦

*አክስቴ፣ ደሜን ተመርምሬ ነበር። የብረት ክምችቴ ዝቅ ብሏል፣ ሐኪም ኪኒን አዞልኛል፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እመረመራለሁ፤ ውጤቱንም እንዳለ እነግርዎታለሁ። የጠየቁኝን ስለጠየቁኝ ነው የተመረመርኩት። ቡናውን ከምሳ በፊት አድርጌዋለሁ፣ መሥሪያ ቤት ያሉት ሴቶችም አብረውኝ አዛወሩት። ቢ12 የሚባለውን ኪኒን ዓመቱን ሙሉ እወስዳለሁ፤ ካፕሱል አይደለም፣ ለጾምም አያግድም። በበዓለ ሃምሳ አልጾምም። ለፋሲካ ስመጣ እንቁላሉን ከወጡ ውስጥ አውጥተው ለብቻው ያቆዩልኝ። ሽሮ ሲልኩልኝ የአተርና የሽምብራ ይሁን፣ ጓያ አይግባበት።*

@ዲያቆን ከሰላሌ፦ አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። እንቁላሉ ከዶሮው ጋር አብሮ በአንድ ወጥ ነው የሚበስለው። ለእኔ ያ ወጥ ሥጋ ነው፣ ለአክስቴ ግን ያለ ወጡ እንቁላል ምግብ አይደለም። ሁለት ድስት እንዲጥዱ ልጠይቃቸው ወይስ ከወጡ ያወጡትን ልብላላቸው?

የአራት ልጆች እናት

ሁለተኛውን ድስት አንቺው ጣጂ። ቁሌቱን ከእሳቸው ጋር አብራችሁ አቁላሉት፤ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ለእንቁላልሽ የሚሆነውን በትንሽ ድስት ቀንሺ። ቅመሙም ቅቤው ያው ስለሆነ ቅር አይላቸውም። ሽንኩርቱን ከማታው ክተፊላቸው።